ለሁለት ተማሪ የሚሆን ቤት

ቤቱ ባዶ ከሆነ አርባ አንድ ቀን ሞልቶታል። አራተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ አሳንሰር የለውም፤ ደረጃው ሰባ ሁለት ነው። አንድ ሳሎን፣ አንድ መኝታ ክፍል፣ አንዱ ዞር ሲል ሌላው መውጣት ያለበት ማእድ ቤት፣ ከመኝታ ክፍሉ ጫፍ ደግሞ መታጠቢያ ቤት አለው። ዩኒቨርሲቲው ከመስኮቱ ይታያል። በነዚህ አርባ አንድ ቀናት ዘጠኝ ጥንድ ተማሪዎች መጥተው አይተውት፣ ዘጠኙም "እንደውላለን እናቴ" ብለው ሄደዋል። የደወለ የለም። ትምህርት ሊጀመር አሥራ ስድስት ቀን ቀርቶታል።

የቤቱ ባለቤት እትዬ ሚዛን ይባላሉ። ስሙን ያወጡላቸው የሥራ ባልደረቦቻቸው ናቸው። ሠላሳ አንድ ዓመት በሆስፒታል ላቦራቶሪ ዱቄት ሲመዝኑና ብልቃጥ ሲያነቡ ኖረው፣ ጡረታ ሲወጡ ሚዛኑ ቀርቶ ስሙ ተከተላቸው። ጉልበታቸው ሰባ ሁለቱን ደረጃ በቀን ሁለቴ አልወጣም ሲል ወደ ልጃቸው ቤት ገቡ። ልጃቸው ክፉ አይደለም። ምራታቸውም እጅግ ደግ ናት፤ ቁጭ ይበሉ እንጂ ይነሡ አትላቸውም። ችግሩም ይኸው ነበር። እዚያ ቤት የሚቆረጥ ነገር ሁሉ እሳቸው ሳይጠየቁ ይቆረጣል፤ "እማ ምን አለች?" የሚባልበት አንድ ጉዳይ ቢኖር የአራተኛ ፎቁ ቤት ብቻ ነው።

አሁን እሱም ሊሄድ ነው። እዚያው ፎቅ ላይ ያለችው ጎረቤት ገዝታው ግድግዳውን አፍርሳ ከራሷ ጋር ልትቀላቅለው ፈልጋለች። ልጃቸው እራት ላይ ነገሩን ሲያነሣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነበር፤ ባዶ ቤት ይበሰብሳል፣ ቧንቧው ቢፈነዳ ማን ያየዋል፣ ትምህርት እስኪጀመር ካልተከራየ ለሴትዮዋ እንሽጥላት አለ። እትዬ ሚዛን "እሺ" አሉ። እሺ ያሉት ስለተስማሙ ሳይሆን ቀነ ገደብ የተቆረጠለት ሥራ ስለሚወዱ ነው።

ማስታወቂያውን የጻፈው ደላላው ነው። ከአፉ ማር የሚፈስ፣ ጫማው ከራሱ ቀድሞ የሚያበራ ሰው ነው። በስልኩ ላይ ለአከራይና ለተከራይ የከፈተው ገጽ ብዙ ሺህ ተማሪ ይከታተለዋል። እዚያ ላይ እንዲህ ብሎ ለጥፏል፦ "ሰፊና ዘመናዊ ባለ አንድ መኝታ! አርባ አምስት ካሬ! ለሁለት ተማሪ ምቹ! ከዩኒቨርሲቲ አምስት ደቂቃ! ፈጥነው ይደውሉ!" ፎቶ ስድስት ነው። ሳሎኑን ማእዘን ውስጥ ተለጥፎ ስላነሣው የስብሰባ አዳራሽ መስሏል። የመታጠቢያ ቤቱ በር የተዘጋ ስለሆነ ቁም ሣጥን ይመስላል።

እትዬ ሚዛን በመጀመሪያ የቆጠሩት ካሬውን ነው። በሜትር ለክተው ሠላሳ አምስት አገኙ። ደላላውን አሥሩ የት እንደገባ ቢጠይቁት፣ የቤቱ የባለቤትነት ወረቀት ላይ የግድግዳው ውፍረትና የደረጃው ድርሻ አብሮ እንደተደመረ ነገራቸው።

"ታዲያ ተማሪው ደረጃው ላይ ሊተኛ ነው?" አሉት።

"እናቴ፣ ማስታወቂያ እንደ ሙሽራ ነው" አለ ደላላው። "አስውበው ያወጧታል እንጂ ጉድለቷን በአደባባይ አያነቡባትም።"

"ሙሽራዋን ዘጠኝ ጊዜ አይተው ዘጠኝ ጊዜ ጥለዋት ሄዱ እኮ።"

ደላላው ሳቀ፤ ዕድል ነው አለ፤ ዐሥረኛው ይወስደዋል አለ። እሳቸው ግን ዕድል የሚባለውን ነገር ከላቦራቶሪ ጀምሮ አይወዱትም። ዘጠኝ ጊዜ ተሞክሮ ዘጠኝ ጊዜ አንድ ዓይነት ውጤት የሰጠ ነገር ምክንያት አለው። ምክንያቱ ምንድን ነው? ያች ጥያቄ ከሽያጩ ሥጋት ይልቅ እንቅልፍ ነሣቻቸው።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ደላላው ሰው ሲያመጣ ቀድመው እየሄዱ፣ ሳሎኑ ውስጥ ወንበር ላይ ቁጭ ብለው ሹራብ የሚሠሩ መስለው ይጠብቃሉ። ሹራቡ ሥር ደብተር አለ። ደብተሩ ላይ አራት ዓምድ አሥምረዋል፦ የገቡበት ሰዓት፣ መጀመሪያ ያዩት ነገር፣ የጠየቁት፣ የወጡበት ሰዓት። ዐሥረኛዎቹ መጡ፤ አራት ደቂቃ ቆዩ። ዐሥራ አንደኛዎቹ መጡ፤ ሦስት ደቂቃ ተኩል። ሲገቡ ፊታቸው ወድቆ ነው የሚገቡት፤ በፎቶው ያዩትን አዳራሽ እየፈለጉ ነዋ። ቢሆንም ያንን ይሻገሩታል። መስኮቱን ያያሉ፤ ግድግዳውን ዝቅ ብለው ሶኬት ይፈልጋሉ፤ ለተከራይ የተተወውን ረጅም ጠረጴዛ በእጃቸው ይነካሉ። ቀጥሎ መኝታ ክፍል ይገባሉ፣ የመታጠቢያ ቤቱን በር ይከፍታሉ፣ እርስ በርስ ይተያያሉ፣ ይወጣሉ። በር ከከፈቱ በኋላ ከአንድ ደቂቃ በላይ የቆየ የለም።

ስለዚህ ጥፋተኛው መታጠቢያ ቤቱ ነው ብለው ፈረዱበት። የወለሉን የተሰነጠቀች ሸክላ አስቀየሩ፤ የሻወሩን ራስ አሳደሱ፤ መስታወቱን በኮምጣጤ እስኪያብረቀርቅ አሹት። ሦስቱን በአንድ ላይ ማድረጋቸው ትክክል እንዳልሆነ ያውቃሉ። አንድ በአንድ ነበር መለወጥ የነበረባቸው፤ ጊዜው ግን አልበቃ አለ። ዐሥራ ሁለተኛዎቹ መጥተው የሚያብረቀርቀውን መስታወት አዩ፤ ተያዩ፤ "እንደውላለን እናቴ" አሉ።

ምስጢሩ የተፈታው በአርፋጅ ነው። በአርባ አራተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ዐሥራ ሦስተኛዎቹ ሊመጡ ነበር፤ የመጣው ግን አንዱ ብቻ ነው። ቀጭን፣ ቦርሳው ከራሱ የሚከብድ ልጅ ነው። ጓደኛው የታክሲ ሰልፍ ይዞት እንደቀረ ተናግሮ ይቅርታ ጠየቀ። ደላላው ሌላ ቀጠሮ ስለነበረው ቁልፉን ለእትዬ ሚዛን ትቶ ሄደ። ልጁም እየተዘዋወረ ማየት ጀመረ። መስኮቱን አየ፤ ሶኬት ፈለገ፤ ጠረጴዛውን ነካ፤ መኝታ ክፍል ገባ፤ የመታጠቢያ ቤቱን በር ከፈተ። እትዬ ሚዛን ሰዓታቸውን አዩ። አንድ ደቂቃ አለፈ። ሁለት አለፈ። ልጁ ውሃውን ከፍቶ ሙቀቱን በእጁ ሞከረና ተመልሶ መጥቶ ጠረጴዛው ጋ ቁጭ አለ። ፀሐይዋ ጠዋት በስንት ሰዓት ጠረጴዛው ላይ እንደምትወድቅ ጠየቃቸው። ከሁለት እስከ አምስት ሰዓት ነው አሉት። ከሥር ያለው ዳቦ ቤት ይረብሽ እንደሆነ ጠየቀ። ከንጋቱ አሥራ አንድ ሰዓት ጀምሮ ይሸታል እንጂ ድምፅ የለውም አሉት። እሱማ ችግር አይደለም፣ ከቁርስ በፊት ቁርስ ነው ብሎ ሳቀ። አሥራ ዘጠኝ ደቂቃ ሆነው።

በሃያኛው ጓደኛው እያለከለከ ደረሰ። ሁለቱ አብረው ከመጀመሪያው ጀመሩ፤ ሳሎን፣ መስኮት፣ ጠረጴዛ፣ መኝታ ክፍል፣ የመታጠቢያ ቤቱ በር። ተያዩ። በሦስት ደቂቃ ውስጥ ደረጃው ላይ ነበሩ።

እትዬ ሚዛን ደብተሩን ከፍተው ቀሩ። መታጠቢያ ቤቱ ያው ነው። ሸክላው ያው ነው። ልጁም ያው ልጅ ነው። የተለወጠው ነገር ቁጥሩ ብቻ ነው፤ አንድ የነበረው ሁለት ሆነ። ጉልበታቸውን ረስተው ተነሥተው በደረጃው ራስ ላይ ቆሙ።

"ልጆች! ቤቱን ተከራዩ አልልም፤ ቅር አይበላችሁ። ለምን እንደተዋችሁት ብቻ ንገሩኝ።"

ሁለቱም ተያዩ። ቀጭኑ ልጅ አንገቱን አከከና ሁለት ደረጃ ተመልሶ ወጣ።

"ቤቱ ጥሩ ነው እናቴ፤ እንከን አይወጣለትም። ግን አልጋው አንድ ነው። አንዳችን መኝታ ክፍል፣ አንዳችን ሳሎን ልንተኛ ነው አይደል? ሳሎን የተኛው መታጠቢያ ቤት በፈለገ ቁጥር መኝታ ክፍል የተኛውን ሊቀሰቅስ ነው። ሳሎን የተኛው ደግሞ ቶሎ ልተኛ ሲል፣ ሌላው እሱ በሚተኛበት ክፍል መብራት አብርቶ ሊያነብ ነው። ከሁለት ሳምንት በኋላ ጓደኝነት አይኖርም።"

"እሱ ደግሞ ያንኮራፋል" አለ ጓደኛው ከታች።

"እኔ አላንኮራፋም፤ አንተ ነህ ጆሮህ የሚያንኮራፋ" አለው ቀጭኑ፣ ሳይዞር።

እትዬ ሚዛን ሳቁ። ልጆቹ ሌላ ቤት ሊያዩ ሄዱ፤ እሳቸው ተመልሰው መኝታ ክፍሉ በር ላይ ቆሙ። ሃያ ስድስት ዓመት እዚህ ኖረዋል። ከባላቸው ጋር ዐሥራ አራት፣ ብቻቸውን ዐሥራ ሁለት። መታጠቢያ ቤት በመኝታ ክፍል አልፎ መግባት ለነሱ ችግር ሆኖ አያውቅም፤ እንዲያውም ለክረምት ጠዋት መልካም ነበር። ሰው ሁሉ እንደ ቤቱ እንጂ እንደ ጎረቤቱ አይኖርም ይባላል። እሳቸው እንደ ኖሩት ነው ቤቱን ያዩት፤ ተማሪዎቹ እንደሚኖሩት ነው ያዩት። ደላላው ደግሞ "ለሁለት ተማሪ" ብሎ የጻፈው የትም ቦታ "ለሁለት ተማሪ" ስለሚጽፍ ነው። ኪራይ ለሁለት ሲካፈል ዓይን ይስባል እንጂ ሁለቱ የት እንደሚተኙ ያሰበ የለም።

ዓይናቸው አልጋው ላይ ዐረፈ። ባላቸው አናጺ ነበሩ፤ አልጋውን እዚሁ ክፍል ውስጥ ነው የሠሩት፤ ወርዱ አንድ ሜትር ከስድሳ። ራስጌው ግራ ግድግዳ ላይ፣ ግርጌው ወደ ቀኝ፤ መተላለፊያው በግርጌው በኩል። ክፍሉ ውስጥ የገባ ሰው ሁሉ የሚያየው ያንን አልጋ ነው። አልጋውም ለገባው ሁሉ አንድ ነገር ይነግረዋል፦ አንዳችሁ እዚህ፣ ሌላችሁ እዚያ። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ፤ ሸክላ ያስቀየሩት፣ መስታወት ያሹት አልጋው ባጠፋው ነው።

ሜትራቸውን አወጡ። የክፍሉ ወርድ ሦስት ሜትር ከዐሥር። የተማሪ አልጋ ወርዱ ዘጠና ሳንቲም ነው። አንዱ በግራ ግድግዳ፣ አንዱ በቀኝ ግድግዳ ቢሆን መሐሉ ላይ አንድ ሜትር ከሠላሳ ይተርፋል። የመታጠቢያ ቤቱ በር ደግሞ በትክክል መሐሉ ላይ ነው። ሁለቱም እዚህ ይተኛሉ። ሁለቱም ሳሎን ያነባሉ። አንዱ ሲያነብ ሌላው መብራት አጥፍቶ፣ በሩን ዘግቶ መተኛት ይችላል።

ለካ ሳሎን አይደለም፤ ማንበቢያ ክፍል ነው። ለካ "ባለ አንድ መኝታ" ማለት ለተማሪ አንድ ክፍል ይጎድለዋል ማለት አይደለም፤ አንድ ክፍል ለመጽሐፉ ይተርፈዋል ማለት ነው። እትዬ ሚዛን ይህንን ደብተራቸው ላይ ጻፉና ቀጥሎ የሚመጣውን ሥራ አሰቡ። እሱ ቀላል አልነበረም።

አልጋው ሲፈታ ስምንት ብሎን ወጣለት። የፈታው የባላቸው የቀድሞ ረዳት የነበረ አናጺ ነው፤ አሁን ጸጉሩ ሸብቷል። ጎኑን ሲያነሣው ከሥር በእርሳስ የተጻፈ ልኬት አገኘና ለእትዬ ሚዛን አሳያቸው፤ የባላቸው የእጅ ጽሑፍ ነው። ዘንግተው ነው፣ እንደሳቸው ያለ ሰው ልኬት ሳይፍቅ አይተውም ነበር አለ አናጺው። ከዚያ አልጋው ልጃቸው ቤት እሳቸው ክፍል እንዲገባ አዘዙ። ልጃቸው በሩ አያስገባውም ቢል፣ በሩ ሰማንያ ነው፣ ትልቁ ሳንቃ ደግሞ አርባ አምስት ነው፤ ለክቻለሁ አሉት። አልጋው እንዳሉት ገባ፤ በቦታውም ሁለት ነጠላ አልጋ ገዝተው አስገቡ።

ማስታወቂያውን ራሳቸው ሊጽፉት ተቀመጡ። የሚያውቁትን ብቻ ሊጽፉ ስለፈለጉ የማያውቁትን ዝርዝር አወጡ። አምስት ደቂቃ የሚለው ከየት መጣ? ደላላው በመኪና እስከ ዋናው በር ሄዶ ነው። ተማሪ ግን በመኪና አይሄድም፤ ደግሞም ዋናው በር ላይ አይማርም። እሳቸው በእግራቸው እስከ ቤተ መጻሕፍቱ ሄደው ዐሥራ ሰባት ደቂቃ ፈጀባቸው፤ ነገር ግን ያልተስተካከለ መሣሪያ የሰጠውን ልኬት ማመን አይገባም፤ የሳቸው ጉልበት ያልተስተካከለ መሣሪያ ነው። ስለዚህ ዳቦ ቤቱ ውስጥ ዳቦ ሲገዙ ያገኟቸውን ሦስት ተማሪዎች በእግር ስንት እንደሚፈጅባቸው ሰዓት ይዘው እንዲያዩላቸው ለመኑ። ልጆቹ በነገሩ ተደስተው ለኩላቸው፤ ስምንት፣ ዘጠኝ፣ ዐሥር። ወደ ቤተ መጻሕፍቱ የሚያስገባው የዩኒቨርሲቲው የኋላ በር ማታ በአንድ ሰዓት እንደሚዘጋ፣ ከዚያ በኋላ በዋናው በር ዞሮ መምጣት ስድስት ደቂቃ እንደሚጨምር የበሩ ዘበኛ ነገራቸው። የመጽሐፍ መደርደሪያውን አስገፍተው ከኋላው የተደበቀውን ሶኬት አወጡ። ሶኬቶቹ አራት ሆኑ።

ከዚያ ለደላላው አነበቡለት፦

"ለሁለት ጓደኛሞች፤ አንዱ ክፍል መተኛ፣ ሌላው ማንበቢያ። መተኛው ውስጥ ሁለት ነጠላ አልጋ፣ በመካከላቸው አንድ ሜትር ከሠላሳ። ወደ መታጠቢያ ቤት የሚገባው በመተኛው ውስጥ ነው፤ ስለዚህ አንዱ ተኝቶ ሌላው ሲያልፍ የሚነቃ ሰው አይመቸውም። ማንበቢያው ውስጥ ሁለት ሰው ትከሻ ለትከሻ ሳይነካካ የሚቀመጥበት ጠረጴዛ፣ አጠገቡ አራት ሶኬት፤ ጠዋት ከሁለት እስከ አምስት ሰዓት ፀሐይ አለ። ቤቱ ሠላሳ አምስት ካሬ ነው፤ ትንሽ ነው። አራተኛ ፎቅ፣ ሰባ ሁለት ደረጃ፣ አሳንሰር የለም። እስከ ቤተ መጻሕፍቱ በእግር ዘጠኝ ደቂቃ፤ ከማታው አንድ ሰዓት በኋላ ዐሥራ አምስት። ከንጋቱ አሥራ አንድ ሰዓት የዳቦ ሽታ አለ።"

ደላላው ዓይኑን ጨፍኖ ነበር ያዳመጠው።

"እናቴ፣ 'ትንሽ ነው' ብለው ጻፉ?"

"ሲመጡ ማየታቸው ይቀራል ወይ? ደረጃውን ወጥተው ከሚያዝኑ ታች ሆነው ይወቁት።"

"'የሚነቃ ሰው አይመቸውም' ያሉትንስ? ሰው ገፍትረው ሊያባርሩ ነው እንዴ?"

"የማይከራየውን ነው የማባርረው። ዐሥራ ሦስት ጥንድ አምጥተህልኛል፤ ዐሥራ ሦስቱም የማይከራዩ ነበሩ። እግርህ አላሳዘነህም?"

ደላላው እግሩን አየ፤ የሚያበሩትን ጫማዎቹን። ሰባ ሁለት ደረጃ ዐሥራ ሦስት ጊዜ። ትንሽ አሰበና አንድ ነገር ጠየቀ፦ ሰው ካልመጣ ጥፋቱ የማን ይሆናል? የኔ አሉት። ቤቱ ቢሸጥም ጥፋቱ የኔ ይሆናል አሉ በልባቸው። ደላላው ፎቶውንም መኝታ ክፍሉ በር ላይ ሆኖ፣ ሁለቱ አልጋዎችና መሐል ያለው የመታጠቢያ በር ተከፍቶ እንዲታይ አድርጎ እንደገና አነሣው። የለጠፈው በአርባ ሰባተኛው ቀን ነው፤ ትምህርት ሊጀመር ዐሥር ቀን ቀርቶት።

የመጀመሪያዎቹን ሁለት ቀናት ማንም አልደወለም። እትዬ ሚዛን ሹራባቸውን ይዘው ባዶ ቤት ውስጥ ተቀምጠው ዋሉ። የሚፈሩት ነገር እየመጣ መሆኑን ያውቃሉ፤ ግን አንድ ነገር ከፍርሃታቸው በላይ ያጓጓቸው ነበር፦ የሚመጡት ከቀድሞዎቹ የተለዩ ይሆኑ?

በሦስተኛው ቀን የመጡት ሃያ ሁለት ደቂቃ ቆዩ። አንዷ እንቅልፏ ቀላል ስለሆነ ተዉት፤ ምክንያታቸውን ግን ቆመው ተናገሩ። በአምስተኛው ቀን የመጡት ሠላሳ አንድ ደቂቃ ቆይተው፣ ደረጃው ለአንዱ የእግር ስብራት እንደማይሆን አዝነው ሄዱ። ማንም ሲገባ ፊቱ አልወደቀም። በስድስተኛው ቀን የመጡት ሁለት ሴቶች ናቸው፤ ሁለቱም ሁለተኛ ዓመት ተማሪ። አንደኛዋ ቦርሳዋ ውስጥ ሜትር ይዛ ነበር። ምንም ሳትናገር መተኛ ክፍል ገባችና በአልጋዎቹ መሐል ዘረጋችው።

"አንድ ሜትር ከሃያ ዘጠኝ" አለች ወጥታ፣ ጥፋት እንዳገኘ ዳኛ።

"አንሶላው ነው" አሉ እትዬ ሚዛን። "አንሶላውን ግፊው።"

ልጅቷ ተመለሰች። አንሶላውን ስታነሣ ድምፁ ተሰማ። ትንሽ ቆይታ "ሠላሳ" አለች፤ ከዚያ ሁለቱም ሳቁ። ቁልፉን የወሰዱት ያን ቀን ከሰዓት በኋላ ነው።

ማታ እራት ላይ ልጃቸው የጎረቤቲቱን ነገር ሊያነሣ አፉን ሲከፍት እትዬ ሚዛን ቀደሙት። ተከራይቷል አሉት። ምራታቸው ማንኪያዋን አስቀመጠች። ከዚያ ልጃቸው ጎረቤቲቱን ምን ልበላት ብሎ ጠየቃቸው። በዚያ ቤት ከገቡ ጀምሮ ሌላ ሰው ምን እንደሚባል ሲጠየቁ የመጀመሪያው ነበር። አስበው መለሱ፤ ግድግዳው እንዳለ ይቆይ በላት አሉት።

ትምህርት ከተጀመረ በሳምንቱ ባለ ሜትሯ ተማሪ ደወለችላቸው። እስከ ቤተ መጻሕፍቱ ያለውን መንገድ አምስት ጠዋት ሙሉ ሰዓት ይዛ ለክታዋለች፤ አማካዩን እንዲያውቁት ብላ ነው። እትዬ ሚዛን እርሳሳቸውን አምጥተው ደብተሩ ላይ፣ ከማስታወቂያው ቅጂ ጎን ጻፉት፦ ዘጠኝ ደቂቃ ከዐሥራ አንድ ሰከንድ።